ከስትሮክ በኋላ እናትሽን ቤት ስታስገቢ፦ በመድኃኒቱ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ውድ እህቴ፣

ነገ እናትሽ ከሆስፒታል ይወጣሉ። በመውጫ ወረቀታቸው ላይ አራት መድኃኒቶች ተጽፈዋል። ወረቀቱ የትኛውን መድኃኒት፣ ስንት እና መቼ እንደሚወስዱ ይነግርሻል፤ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሳሳት ግን አይነግርሽም። እኛ ደግሞ በሁለተኛ ስትሮክ ተመልሰው የሚመጡ ሕሙማንን ቤተሰብ ስንጠይቅ በአብዛኛው የምንሰማው ያንኑ ጥቂት ስህተት ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ከወረቀቱ ጋር አብረሽ አስቀምጪው።

መድኃኒቶቹ እነዚህ ናቸው። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቁርስ ከበሉ በኋላ፣ አስፕሪን 81 ሚሊግራም አንድ፣ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም አንድ፣ ኢናላፕሪል 5 ሚሊግራም አንድ። ማታ 2 ሰዓት ደግሞ ሁለተኛው ኢናላፕሪል 5 ሚሊግራም አንድ እና አቶርቫስታቲን 40 ሚሊግራም አንድ። አስፕሪኑ ደም ሥር ውስጥ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል ግፊቱን ይይዛሉ። አቶርቫስታቲን ኮሌስትሮሉን ቀንሶ በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ የተጋገረው ስብ እንዳይፈነዳ ይከላከላል።

አንዱ ስህተት ገና ከሰዓቱ ይጀምራል። የሆስፒታል ወረቀት ሰዓት የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «8:00» የሚለውን አይታችሁ ቀን 8 ሰዓት ላይ ከሰጣችሁ፣ ሁለቱ ኢናላፕሪሎች በ12 ሰዓት መራራቃቸው ቀርቶ በ6 ሰዓት ይቀራረባሉ። ከዚያ ንጋቱንና ጠዋቱን፣ ግፊት በተፈጥሮው ከፍ በሚልበት ሰዓት፣ እናትሽ ያለ በቂ መድኃኒት ይቆያሉ። የስልክሽን ማንቂያ ስትሞዪ ስልኩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚሠራ መጀመሪያ እዪ። የጠዋቱ ኢናላፕሪል ቢረሳና እስከ ቀን 8 ሰዓት ድረስ ትዝ ካለሽ ስጫቸው፤ ከዚያ ካለፈ ተዪውና የማታውን በሰዓቱ ስጪ። ያለፈውን ለማካካስ ሁለት ክኒን በአንዴ አይሰጥም።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ግፊቱ ሲስተካከል መድኃኒቱን ማቆም። ይህን ስህተት ማየት ሰልችቶኛል፣ ልቤንም ይሰብረዋል፤ ምክንያቱም የሚሳሳቱት ግዴለሽ ቤተሰቦች አይደሉም፤ በየቀኑ እየለኩ፣ በደብተር እየጻፉ የሚያስታምሙ ናቸው። ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ማሽኑ 124 በ78 ያሳያል። እናት «ድኛለሁ እኮ፣ ይህን ሁሉ ክኒን ለምን እውጣለሁ?» ይላሉ። ጎረቤት «ሰውነት መድኃኒት ይለምዳል፣ ኋላ ያለሱ መኖር ያቅታቸዋል» ይላል። ክኒኑ ደግሞ በዚያው ሰሞን ያልቃል። ከዚያ ይቀራል። ለጥቂት ቀናት ምንም የተለየ ነገር ስለማይታይ ማቆሙ ትክክል ይመስላል። ግፊቱ ግን ቀስ በቀስ ይወጣና 170፣ 180 ይደርሳል፤ እናትሽ ግን አይሰማቸውም፣ ራስ ምታት እንኳ ላይኖር ይችላል።

124 በ78 የመጣው መድኃኒቱ ስላለ ነው። መድኃኒቱ ግፊቱን ይዞት ነው እንጂ አጥፍቶት አይደለም፤ ስትለቂው ይነሣል። አስፕሪኑና አቶርቫስታቲኑም እንዲሁ ናቸው፤ መሥራታቸውን የሚያሳይ ስሜት የላቸውም፣ መቆማቸውንም የሚያሳውቅ ስሜት የለም። የአንድ ወር ክኒን ተሰጥቷችኋል ማለት ሕክምናው አንድ ወር ነው ማለት አይደለም። ሰባት ቀን ሲቀር ፋርማሲ ሂጂ፤ አንዱ መድኃኒት ከገበያ ቢጠፋ ሌላ ለመፈለግ ጊዜ ይኖርሻል። የሽፈራው ቅጠል ሻይ መጠጣት ከፈለጉ ይንገሩን፣ በክኒኑ ፋንታ ግን አይሆንም። ጸበል የሚሄዱ ከሆነም ክኒኑ አብሮ ይሂድ። በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት መቆየት ከፈለጉ፣ የነፍስ አባታቸውን አስቀድመሽ አነጋግሪ፤ መድኃኒቱን ወደ 9 ሰዓት ከመግፋታችሁ በፊት ደግሞ እኛን ደውለሽ ጠይቂ።

ግፊቱን ስትለኪ ጠዋት ከመድኃኒቱ በፊት ይሁን፤ ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። ወንበር ላይ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ እግራቸውን መሬት አስረግጠው፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። የምትለኪው በግራ እጃቸው ነው፤ የዛለው ቀኝ እጅ የተሳሳተ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። የምንፈልገው ከ130 በ80 በታች ነው። የላይኛው ቁጥር ከ100 በታች ወርዶ የሚያዞራቸው ከሆነ የሚቀጥለውን የግፊት ክኒን ከመስጠትሽ በፊት ደውዪ። ክፉኛ ካስመለሳቸው ወይም ካስቀመጣቸውም እንዲሁ ደውዪ፤ ሰውነታቸው ውኃ አጥሮት ሳለ ኢናላፕሪል ኩላሊትን ይጎዳል።

ሌላው ስህተት ከካርቶኑ ይመጣል። አንድ ምሳሌ በቁጥር ልንገርሽ። በዚህ ወር ፋርማሲው 40 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን አጥቶ ባለ 20 ሰጠሽ እንበል፤ ማታ ማታ ሁለት ሁለት ትሰጫቸዋለሽ፤ ትክክል ነው። በሚቀጥለው ወር ባለ 40 ተገኘ። እጅ ሁለት መስጠት ለምዷል፤ ሁለቱን ስትሰጪ 80 ሆነ። ጡንቻቸውን መታመምና ሽንታቸው የኮካ ኮላ ቀለም መምሰል ከጀመረ መድኃኒቱ እየጎዳቸው ሊሆን ይችላልና ቶሎ አምጫቸው። ስለዚህ ከካርቶኑ ላይ የምታነቢው ስሙን ብቻ ሳይሆን ሚሊግራሙንም ነው። የፋብሪካው ስም በየጊዜው ይለያያል፤ ከሥሩ በትንንሹ የተጻፈው የመድኃኒቱ ስም ግን አይለወጥም። ሌላው ደግሞ ቤት የቀረው አሮጌ መድኃኒት ነው። እናትሽ ድሮ ኒፈዲፒን ይወስዱ እንደነበር ነግረሽናል። ኒፈዲፒንና አምሎዲፒን የአንድ ወገን መድኃኒቶች ናቸው፤ ሁለቱ አብረው ከተወሰዱ ግፊቱን ከልክ በላይ ያወርዱታል። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቢ አሮጌውን ሁሉ ሰብስበሽ ለብቻው በከረጢት አስሪው፤ ለቀጠሮ ስትመጪ ይዘሽው ነይ።

ክኒን መዋጥ ያስቸግራቸዋል። ተኝተው ወይም ጋደም ብለው አይዋጡ፤ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ አገጫቸውን ትንሽ ወደ ደረታቸው ዝቅ ያድርጉ፣ ከዋጡም በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ ይቆዩ። ብዙ ሰው ችግር ሲያይ ውኃ ይጨምራል፤ ለእሳቸው ግን ቀጭን ፈሳሽ ነው ወደ ሳንባ የሚሾልከው። ወፈር ያለ አጥሚት ወይም የተፈጨ ሙዝ በሻይ ማንኪያ፣ አንድ ክኒን በአንድ ማንኪያ ይሁን። አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና አቶርቫስታቲን ሊደቅቁ ይችላሉ። አስፕሪኑ ግን ሆድን ለመጠበቅ በልዩ ሽፋን የተሸፈነ ከሆነ አይደቅም፤ የሚታኘከውን ዓይነት ስጡን ብለሽ ፋርማሲስቱን ጠይቂ። ሲውጡ ቢያስላቸው ወይም ድምፃቸው ውኃ እንደያዘ ቢንቆረቆር አቁሚ፤ በማግስቱ ትኩሳትና ሳል ከመጣ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል አምጫቸው።

የዛለው ትከሻ ማመሙ አይቀርም። ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም አትግዢ፤ ግፊት ይጨምራሉ፣ ከአስፕሪን ጋር ሲሆኑ ጨጓራ ያደማሉ። ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም ሁለት ሁለት ክኒን፣ በቀን ከሦስት ጊዜ ሳይበልጥ ይበቃል። ስታነሺያቸው ደግሞ ያንን እጅ ይዘሽ አትጎትቺ።

ስለ አደጋ ምልክቶች ስናወራ ሁሉም «ፊት መጣመም፣ እጅ መዛል፣ አፍ መተሳሰር» ይለኛል። ትክክል ነው፤ የእናትሽ ቀኝ እጅ ግን ዱሮም ዛል ብሏል፣ ንግግራቸውም ይኮላተፋል። አዲሱን ከነባሩ በምን ትለዪዋለሽ? ነገ ቤት እንደገባችሁ በስልክሽ ቪዲዮ ቅረጫቸው፤ ፈገግ ይበሉ፣ ሁለት እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው ለ10 ሰከንድ ይያዙ፣ የልጆቻቸውን ስም ይጥሩ። በኋላ ጥርጣሬ ሲገባሽ ያንኑ አስደርገሽ ከቪዲዮው ጋር አስተያዪ። ድንገት የባሰ ወይም አዲስ ነገር ካለ፣ አንድ ዓይን ከጨለመ፣ ሚዛን ከሳቱ፣ ከዚህ በፊት አይተውት የማያውቁት ራስ ምታት ከመታቸው፣ ካንቀጠቀጣቸው፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ የሚዘገይ ከሆነ የተገኘው መኪና ያምጣችሁ። ምልክቱ በአሥር ደቂቃ ቢጠፋም አምጫቸው፤ «ተሻላቸው» ብሎ ማሳደር ትልቁን ስትሮክ ቤት ሆኖ መጠበቅ ነው።

በዚያች ሰዓት ቤተሰብ የሚሠራው ነገር ብዙ ጊዜ ይጎዳል። የግፊት ክኒን ከምላስ ሥር ማድረግ ግፊቱን በድንገት ጥሎ ለአንጎል የሚደርሰውን ደም ያሳጣል። ተጨማሪ አስፕሪን መስጠት፣ በዚህ ጊዜ የመጣው የደም መፍሰስ ከሆነ፣ ያባብሰዋል፤ መርጋቱንና መፍሰሱን ደግሞ ከሲቲ ስካን በቀር ከውጭ አይቶ የሚለይ የለም። ውኃም ምግብም በአፍ አይሰጥ። የጣት ጫፍ በመርፌ መውጋት ጊዜ ከማባከን ሌላ የሚሠራው የለም። ከአንቺ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩበት ሰዓት። ከእንቅልፍ ሲነቁ ከሆነ የታየው፣ ሰዓቱ የነቁበት ሳይሆን ደህና ሆነው የተኙበት ነው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አራት ሰዓት ተኩል ካለፈ የማይሰጡ ሕክምናዎች ስላሉ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ይህንን ነው።

ከመድኃኒቱ የሚመጡም አሉ። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም የቡና አተላ የመሰለ ካስመለሳቸው ጨጓራቸው እየደማ ነውና የዚያኑ ቀን አምጫቸው። ከንፈራቸው ወይም ምላሳቸው ካበጠ ኢናላፕሪሉን አቁመሽ በአስቸኳይ ነይ፤ መተንፈሻ ሊዘጋ ይችላል። ደረቅ ሳል ከኢናላፕሪል፣ የሁለቱም ቁርጭምጭሚት ማበጥ ከአምሎዲፒን ሊመጣ ይችላል፤ እነዚህ የሚያስቸኩሉ አይደሉም፣ ደውለሽ ንገሪንና ሐኪሙ ይቀይረዋል። አንድ ባት ብቻ አብጦ የሚያም ከሆነ ግን የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ አትሺው፣ አምጫቸው።

የቀጠሮው ቀን የጠዋቱን መድኃኒት ስጫቸው። «ሐኪም ሊያያቸው ስለሆነ» ብለው ሳይወስዱ የሚመጡ ብዙ ናቸው፤ ግፊቱ ከፍ ብሎ ይገኝና ሐኪሙ መድኃኒቱ አልበቃም ብሎ መጠኑን ይጨምራል፤ ቤት ገብተው በትክክል ሲወስዱት ያዞራቸውና ይወድቃሉ። የደም ምርመራ በባዶ ሆድ ከታዘዘ ወረቀቱ ላይ ይጻፍልሻል፤ የዚያን ቀን እንደለመዱት በአጥሚት ወይም በሙዝ መዋጥ ስለማይችሉ፣ የግፊቱን ክኒኖች በሰዓታቸው እንዴት እንደሚውጡ ቀድመሽ ጠይቂን፤ አስፕሪኑን ከቁርስ በኋላ ይዘሽ ነይ። የግፊቱን ደብተር፣ ካርቶኖቹን በሙሉ እና ያሰርሽውን አሮጌውን ከረጢት አትርሺ።