የወርቅ ስፖት ዋጋ ከገጽ ገጽ ሲለያይ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ለምሳሌ አንዱ ገጽ አንድ አውንስ ወርቅን 2,400 ዶላር ይለዋል፣ ሌላው 2,400.70፣ ሦስተኛው 2,420። ሦስቱም «የወርቅ ዋጋ» የሚል ርዕስ አላቸው፤ ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ የትኛው ነው ትክክለኛው ከማለት በፊት ልዩነቱን መለካት ይቀድማል። የሁለት ገጾችን ዋጋ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይመዝግቡ፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይድገሙት፤ ከሌላ 10 ደቂቃ በኋላም እንዲሁ። ከዚያ በየጊዜው አንዱን ከሌላው ይቀንሱ፣ አንዱንም ለሌላው ያካፍሉ። መንስኤውን የሚነግርዎት የልዩነቱ መጠንና ጠባይ ነው።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

ስፖት ወርቅ፣ ማለትም አሁን ተገዝቶ ወዲያው የሚረከቡት ወርቅ፣ በአንድ አዳራሽ ወይም በአንድ ኮምፒውተር ላይ የሚወሰን ዋጋ የለውም። መሠረቱ ባንኮችና ነጋዴዎች እርስ በርስ የሚገበያዩበት የለንደን ገበያ ነው፤ እያንዳንዱ «በዚህ እገዛለሁ፣ በዚህ እሸጣለሁ» እያለ ዋጋ ይሰጣል፣ ርክክቡም በሁለት የሥራ ቀን ይፈጸማል። በኒው ዮርክ ደግሞ ኮሜክስ በተባለው ገበያ የፊውቸርስ ውል ይሸጣል፤ አንዱ ውል 100 አውንስ ነው፣ ርክክቡም ወደፊት በሚመጣ ወር ነው። ከሁለቱ አንዱ ያለ ምክንያት ከተወደደ ነጋዴዎች ርካሹን ገዝተው ውዱን ይሸጣሉ፤ በዚህም ዋጋዎቹ ተያይዘው ይሄዳሉ።

የመረጃ ገጾች የሚያደርጉት ከዚህ መቅዳት ነው። አንዱ ከጥቂት ባንኮች የሚደርሰውን ዋጋ ያሳያል፣ ሌላው ከሌሎች ባንኮች ይወስዳል፣ ሌላው ደግሞ የፊውቸርሱን ዋጋ ይዞ ከታች የምናየውን የወለድ ልዩነት ቀንሶ «ስፖት» ይለዋል። ብዙውን ጊዜ ስክሪን ላይ የሚታየው ግብይት የተፈጸመበት ዋጋ ሳይሆን የቀረበ ዋጋ ነው።

ምልክት፦ ልዩነቱ ከአንድ ዶላር በታች ነው፣ ብዙም አይለዋወጥም

ይህ ብልሽት አይደለም። ባንክ ቤት የዶላር መግዣና መሸጫ እንዳለው ሁሉ ወርቅም አለው። መግዣው 2,400.00፣ መሸጫው 2,400.70 ቢሆን አንዱ ገጽ መግዣውን፣ ሌላው መሸጫውን፣ ሌላው አማካዩን 2,400.35 ያሳያል። መፍትሄው በሁለቱም ገጾች መግዣውን ከመግዣ ጋር ማወዳደር ነው። ገጹ የትኛውን እንደሚያሳይ ካልገለጸ ልዩነቱን ከመቀበል በቀር የሚደረግ ነገር የለም፤ ለሳንቲሞች ሲባል ሌላ ገጽ ማሳደድ አያዋጣም።

ምልክት፦ አንዱ ገጽ ሁልጊዜ በ5፣ በ10፣ በ20 ዶላር ይበልጣል

ሰው የሚደናገረው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ከፍ ያለው ገጽ የሚያሳየው የፊውቸርስ ውልን ነው። የገበታውን ምልክት ይመልከቱ፦ `XAUUSD` ከሆነ ስፖት ነው፤ `GC=F` ወይም በ`GC` የሚጀምር ሌላ ምልክት ከሆነ የኮሜክስ ውል ነው።

ውሉ የሚወደደው ወለድ ስላለበት ነው። ዛሬ ወርቅ ገዝቶ ለሁለት ወር ማስቀመጥ ገንዘብ ያስራል፤ ከሁለት ወር በኋላ ለመረከብ የሚዋዋል ግን ገንዘቡን እስከዚያ ወለድ ያስወልድበታል። ስፖቱ 2,400፣ ዓመታዊ ወለዱ 5 በመቶ፣ የቀረው ጊዜ 60 ቀን ቢሆን፦

```
2400 × 0.05 × 60 / 360 = 20
```

ስለዚህ ውሉ በ2,420 አካባቢ ይውላል። 30 ቀን ሲቀረው ልዩነቱ ወደ 10 ዶላር ይወርዳል፣ ርክክቡ ሲቃረብ ይጠፋል ለማለት ይቻላል። ከዚያ ገበታው ወደሚቀጥለው ውል ሲሻገር ልዩነቱ በአንድ ቀን ተመልሶ ይሰፋል። ስፖቱ ሳይነቃነቅ ገበታው ላይ ድንገተኛ ዝላይ ካዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ስፖት ብቻ የሚፈልግ ሰው ምልክቱን መቀየር ይበቃዋል። ከፊውቸርስ ላይ 20 ዶላር ቀንሶ በቋሚነት መጠቀም ግን ስህተት ነው፣ ቁጥሩ በየቀኑ ይቀንሳልና።

ይህ ስሌት የሚሠራው ወርቁ ከከተማ ከተማ እንደልብ ሲጓጓዝ ነው። በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. በወረርሽኙ ምክንያት በረራ ሲቀንስና የስዊዘርላንድ ማጣሪያዎች ሲዘጉ የኒው ዮርኩ ውል ከለንደን ስፖት ከ50 ዶላር በላይ ርቆ ነበር። የለንደኑ ጡብ 400 አውንስ ገደማ ነው፤ ለኮሜክሱ ውል የሚቀርበው ግን የ100 አውንስ ወይም የኪሎ ጡብ ነበርና ሳይቀልጥ አይሆንም። በዚያ ጊዜ ስፖትን ከፊውቸርስ እየቀነሱ ያወጡ የነበሩ ገጾች ከሌሎቹ በግልጽ ተለያይተው ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ከአንድ በላይ ምንጭ ማየት ያስፈልጋል።

ምልክት፦ አንዱ ቁጥር ለሰዓታት አይነቃነቅም

የለንደን ጨረታ ዋጋ ሊሆን ይችላል። በለንደን ሰዓት ጠዋት 10:30 እና ከሰዓት 3:00 ላይ የሚካሄድ ሲሆን፣ ተሳታፊዎች በቀረበው ዋጋ ምን ያህል እንደሚገዙና እንደሚሸጡ ያስገባሉ፤ የሁለቱ ልዩነት ከ10,000 አውንስ ካልበለጠ ዋጋው ይጸድቃል፣ ከበለጠ ዋጋው ተስተካክሎ ሌላ ዙር ይጀመራል። በአዲስ አበባ ሰዓት በክረምታቸው ከቀኑ 7:30 እና ምሽት 12:00፣ በበጋቸው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ይህ ለውል ማጣቀሻ የሚሆን ዋጋ እንጂ የአሁኑ ደቂቃ ዋጋ አይደለም።

ሌላው ምክንያት ገበያው መዘጋቱ ነው። በኒው ዮርክ ሰዓት በየቀኑ ከምሽቱ 5:00 እስከ 6:00፣ እንዲሁም ከዓርብ ምሽት 5:00 እስከ እሑድ ምሽት 6:00 ይቆማል። ቅዳሜ የሚታየው የዓርብ ዋጋ ነው።

ቁጥሩ የሚንቀሳቀስ ሆኖ ልዩነቱ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች የሚገለባበጥ ከሆነ ደግሞ አንዱ ገጽ ዘግይቷል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የዘገየውን ቁጥር ከ10 ወይም ከ15 ደቂቃ በፊት ከመዘገቡት የሌላው ገጽ ዋጋ ጋር ያስተያዩ፤ ከገጠመ መዘግየት ነው።

ምልክት፦ ልዩነቱ በዶላር ሳይሆን በመቶኛ ቋሚ ነው

ማካፈሉ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ውጤቱ ሁልጊዜ 1.097 ከሆነ አንድ ሰው አውንስን 28.35 ግራም ብሎ ቆጥሯል፤ የወርቅ አውንስ ግን 31.1035 ግራም ነው። በአማርኛ ዜና አውንስ አንዳንዴ «ወቄት» ተብሎ መተርጎሙ ነገሩን ያባብሰዋል፤ የጥንቱ ወቄት ሌላ ክብደት ነው። ውጤቱ 0.917 ከሆነ ደግሞ አንዱ 24 ካራት፣ ሌላው 22 ካራት ነው።

ዱባይ ላለ ሰው ስሌቱ ይህን ይመስላል፤ አንድ ዶላር 3.6725 ድርሃም ነው፦

```
2400 / 31.1035 × 3.6725 = 283.38
283.38 × 0.9167 = 259.77
```

የመጀመሪያው የ24 ካራት፣ ሁለተኛው የ22 ካራት የአንድ ግራም ዋጋ ነው። በ28.35 ቢካፈል የ24ቱ 310.90 ይሆን ነበር። ሱቁ ከ259.77 በላይ ሲጠይቅ የእጅ ሥራውንና ግብሩን ለብቻ እንዲነግርዎት ይጠይቁ፤ የቀረው በወርቁ ላይ የተጨመረ ትርፍ ነው።

ምልክት፦ ዋጋው አንድ ነው፣ የዕለቱ ለውጥ ግን ይለያያል

አንዱ +0.4 በመቶ ሲል ሌላው −0.1 ሊል ይችላል። አንዱ «ትናንት» የሚለው የኒው ዮርክ ምሽት 5:00 መዝጊያን፣ ሌላው የኮሜክስን የ1:30 ከሰዓት መዝጊያ ነው። መቶኛውን ትተው ሁለት ሰዓት ራስዎ ይምረጡ፣ ዋጋዎቹንም ከአንድ ገጽ ብቻ ይውሰዱ።