የቤት ስኳር መለኪያና የላቦራቶሪ ውጤት ሲለያዩ፦ ልዩነቱ ተቀባይነት እንዳለው እንዴት ማወቅ ይቻላል

የስኳር ታማሚ ከሆኑ ይህ አጋጥሞዎት ይሆናል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በባዶ ሆድ በቤት መለኪያዎ ሲለኩ 152 ያሳያል። ቁርስ ሳይበሉ ሄደው 2 ሰዓት ላይ ከክንድዎ ደም ይሰጣሉ፤ የላቦራቶሪው ወረቀት ግን 121 ይላል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ መለኪያውን ይጥላል ወይም ላቦራቶሪውን ይጠረጥራል። ከዚያ በፊት ሁለቱን በትክክል ማወዳደር ያስፈልጋል። (ቁጥሮቹ በሙሉ በ mg/dL ናቸው። መለኪያዎ mmol/L የሚያሳይ ከሆነ በ18 ያባዙት።)

1. ሁለቱን ደም በአንድ ጊዜ ያስወስዱ

የደም ስኳር በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ብዙ ሊለወጥ ስለሚችል ከላይ ያሉት ቁጥሮች ለንጽጽር አይበቁም። መለኪያዎንና ስትሪፑን ይዘው ይሂዱ። ከክንድዎ ደም በተወሰደ በ5 ደቂቃ ውስጥ ጣትዎን ወግተው ይለኩ፤ ቢቻል ሁለት ጊዜ።

ምርመራው የግድ በባዶ ሆድ ይሁን። ከጣት የሚወጣው ደም ከቀጫጭን የደም ሥሮች የሚመጣ ሲሆን፣ ጡንቻ ስኳሩን ገና ወስዶ አልጨረሰም። በክንድ ደም ሥር የሚመለሰው ደም ግን ስኳሩን ለጡንቻው ሰጥቶ የሚመለስ ነው። ሳይበሉ ሲለካ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ነው። ምግብ ከተበላ በኋላ ግን የጣቱ ደም ከክንዱ በ20 በመቶና ከዚያም በላይ ሊበልጥ ይችላል፤ ያኔ መለኪያው እውነቱን እየተናገረም ቢሆን የተሳሳተ ይመስላል።

2. እጅዎን በሳሙናና በውሃ ይታጠቡ፣ በደንብ ያድርቁ

ብርቱካን የላጠ ወይም ማር የነካ ጣት ውጤቱን በጣም ከፍ ያደርገዋል። በአልኮል መጥረግ ብቻ ስኳሩን ላያስለቅቅ ስለሚችል ውሃ ይሻላል። እርጥብ ጣት ደግሞ ደሙን ያቀጥነዋል።

3. ደሙ እስኪመረመር ምን ያህል እንደቆየ ይጠይቁ

ታካሚዎች እምብዛም የማይጠይቁት ይህን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ይህንኑ ነው። በብልቃጡ ውስጥ ያሉት የደም ሕዋሳት ሕያው ስለሆኑ ስኳሩን መብላታቸውን ይቀጥላሉ። በክፍል ሙቀት በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ 2 ሰዓት ላይ የተወሰደ ደም ፈሳሹ ከሕዋሳቱ ሳይለይ ቆይቶ 5 ሰዓት ላይ ከተመረመረ፣ 145 የነበረው ወደ 121 ገደማ ሊወርድ ይችላል።

ግራጫ ክዳን ያለው ብልቃጥ ፍሎራይድ የተባለ መድኃኒት አለው፤ እሱም ቢሆን መበላቱን ሙሉ በሙሉ የሚያቆመው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ደሙ ወዲያው በሴንትሪፊዩጅ ተሽከርክሮ ፕላዝማ የሚባለው ፈሳሹ ከሕዋሳቱ ቢለይ ነው። ባለሙያውን «ደሜ ስንት ሰዓት ላይ ይሠራል?» ብለው በአክብሮት ይጠይቁ።

4. ልዩነቱን ያስሉ

ዓለም አቀፉ የመለኪያዎች ደረጃ (ISO 15197፣ የ2013) እንዲህ ይላል፦ የላቦራቶሪው ውጤት ከ100 በታች ከሆነ ልዩነቱ እስከ 15 mg/dL፣ 100 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እስከ 15 በመቶ። ይህን ከመቶ ውጤቶች ቢያንስ 95ቱ ማሟላት አለባቸው። ከመቶ አምስቱ ሊያፈነግጡ ስለሚችሉ በአንድ ልኬት ብቻ በመለኪያው ላይ አይፍረዱ።

ከላይ ያለው ሰው በአንድ ጊዜ ደግሞ ሲለካ መለኪያው 148፣ ወዲያው የተሠራው ላቦራቶሪ 133 ሰጠ እንበል። ልዩነቱ 15 ነው፤ 15ን ለ133 ሲያካፍሉት 11 በመቶ ገደማ ስለሚሆን ተቀባይነት አለው። የመጀመሪያው 31 ልዩነት ግን ከ121 አንጻር 26 በመቶ ነበር፤ ያ ቁጥር የመጣው ከሰዓቱ መራራቅና ምናልባትም ከደሙ መቆየት ነው።

5. ልዩነቱ ከወሰኑ ካለፈ

በቅድሚያ ስትሪፑን ይመልከቱ። ቀኑ አልፎበታል? ክዳኑ ክፍት ቆይቷል? ሙቀት ወይም እርጥበት አግኝቶታል? ከመለኪያው ጋር የሚመጣ የመፈተሻ ፈሳሽ ካለዎት ይሞክሩት፤ ውጤቱ በስትሪፑ ዕቃ ላይ በተጻፈው ክልል ውስጥ መውደቅ አለበት።

ቀጥሎ የራስዎን ደም ያስቡ። የደም ማነስ ያለበት ሰው መለኪያው ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳየው ይችላል፤ ደሙ የወፈረ ሰው ደግሞ ዝቅ አድርጎ። ደም ማነስ ካለብዎት፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም የኩላሊት እጥበት ላይ ካሉ ይህን ለሐኪምዎ ሳይናገሩ አይለፉ።

አዲስ ስትሪፕ ከፍተው በሌላ ቀን ይድገሙት። አሁንም ካለፈ ሁለቱንም ቁጥሮች ከነሰዓታቸው ጽፈው መለኪያውን ይዘው ለሐኪምዎ ያሳዩ። እስከዚያው የኢንሱሊን ወይም የክኒን መጠን በራስዎ አይለውጡ። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ ወይም ላብ፣ መንቀጥቀጥና መደናገር ከተሰማዎት ግን ንጽጽሩን አይጠብቁ፤ ወዲያው በስኳር የጣፈጠ መጠጥ ይጠጡና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ።