ከኢሜይሉ በፊት ሁለት መስመር

ባሕር ዳር ሆኜ የጣና ገዳማትን የጀልባ ጉብኝት ለአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅቶች በኢሜይል ሳቀርብ መልስ አልነበረም። ተቀባዩ ስሜን አያውቀውም፤ ዋጋ የያዘ ኢሜይል ደግሞ ከማያውቁት ሰው ሲመጣ ማን ይከፍተዋል?

አሁን አስቀድሜ በሊንክድኢን የግንኙነት ጥያቄ ከአጭር ማስታወሻ ጋር እልካለሁ። በነፃ አካውንት የሚፈቀደው 200 ፊደል ገደማ ነው፣ የወሩም ኮታ ትንሽ ነው። ስለዚህ ለማንም አልበትነውም። ለአንዲት የጉዞ ኃላፊ የጻፍኩት ይኸው፦

«ሰላም፣ ስለ ዘጌ የቡና ጫካ የጻፉትን አነበብኩ። ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደውን መንገድ በደንብ ገልጸውታል። እኔ ባሕር ዳር በጀልባ ጉብኝት እሠራለሁ። ብንተዋወቅ ደስ ይለኛል።»

ዋጋ የለም፣ ሊንክ የለም፣ «ስልክ እንደዋወል» የለም። ዋናው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለሌላ ሰው ሊላክ የሚችል ከሆነ እንደገና ይጻፍ።

ስልክ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ከሚጠቆሙት ሰዎች ዝርዝር ላይ Connect ስትነኩ ያለ ማስታወሻ ሊሄድ ይችላል። ፕሮፋይሉን ከፍታችሁ ከMore ውስጥ Personalize invite የሚለውን ምረጡ። የላካችሁትን ከሰረዛችሁ ለዚያው ሰው እንደገና ለመላክ እስከ 3 ሳምንት መጠበቅ አለ።

ሴትየዋ ተቀበለችኝ። ጥቂት ቀን ቆይቼ ኢሜይሉን «ስለ ዘጌ በሊንክድኢን የጻፍኩልዎ ነኝ» ብዬ ጀመርኩ። የጀልባውን መነሻ ሰዓትና ዋጋ ጠይቃ መለሰችልኝ።