ዙሙ ሲሸሽ፣ ሲደበዝዝ፣ ሲዘገይ፦ በቆመ የኢንተርቪው ምስል ላይ የኪፍሬም ዙም ችግርና መፍትሄ

በቅርቡ ኤዲት ያደረግኩት ኢንተርቪው ላይ አንዲት እናት አሉ። የተቀመጡት ከፍሬሙ በስተግራ ነው። የሚያዩት ወደ ቀኝ፣ ወደ ጠያቂው ነው። ካሜራው ትሪፖድ ላይ ስለሆነ ምስሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንቅንቅ አይልም። ስለ ቤታቸው ክርክር ብዙ ካወሩ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያን ወረቀት እኔ አልፈረምኩም» ይላሉ።

እዚህች ቃል ላይ ምስሉ ወደ ፊታቸው ጠጋ ማለት አለበት። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው፤ Scale ላይ ሁለት ኪፍሬም ማስቀመጥ። መጀመሪያ ስሠራው ግን ፊታቸው ሸሸ፣ ምስሉ ደበዘዘ፣ ዙሙም ከቃሉ ኋላ ቀረ። እነዚህን አንድ በአንድ እንያቸው።

የሠራሁት በPremiere Pro ነው። ክሊፑ ፎር ኬ ነው፣ 3840 በ2160። ሲኩዌንሱ 1920 በ1080 ሲሆን በሰከንድ 25 ፍሬም ነው። ስለዚህ Scale 50 ሲሆን ክሊፑ ፍሬሙን ልክ ይሞላል። ከ50 ወደ 60 አሳድጌዋለሁ። ለእንዲህ ዓይነት ንግግር ይህ በቂ ነው።

ፊቱ ወደ ጥግ ይሸሻል

ምልክቱ እንዲህ ነው። ዙሙ ሲጀምር ሰውዬው ወደ እኛ መቅረቡ ቀርቶ ወደ ላይና ወደ ጎን የሚንሸራተት ይመስላል። ፀጉሩ ከፍሬሙ አናት ይቆረጣል።

መንስኤው Anchor Point ነው። ካልነካነው የክሊፑ መሃል ላይ ይቀመጣል፤ ምስሉም የሚያድገው ከዚያ ነጥብ ተነስቶ ነው። የኢንተርቪው ሰው ዓይን ደግሞ ብዙ ጊዜ መሃል ላይ አይገኝም። የእኚህ እናት ዓይን ከግራ 640፣ ከላይ 360 ፒክስል ላይ ነበር። መሃሉ 960 እና 540 ነው። ምስሉ በ20 በመቶ ሲያድግ ዓይናቸው ወደ 576 እና 324 ሄደ። ወደ ግራ 64፣ ወደ ላይ 36 ፒክስል መሆኑ ነው። ተመልካቹ ቁጥሩን ባያውቀውም መንሸራተቱ በደንብ ይታየዋል።

ብዙ ሰው ይህን የሚያስተካክለው Position ላይም ኪፍሬም በመጨመር ነው። ይሠራል፣ ግን እኔ አልመክረውም። የPosition እና የScale ኪፍሬሞች አንድ ፍሬም ላይ ካልገጠሙ፣ ወይም አንዱ ለስልሶ ሌላው ካልለሰለሰ ፊቱ በመሃል ይወዛወዛል። ገብቶ፣ ቆይቶ፣ ተመልሶ የሚወጣ ዙም ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሁለቱ የመሃል ኪፍሬሞች ቁጥራቸው አንድ ሆኖ እያለ ምስሉ በመካከላቸው ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል። ይህ የሚሆነው ፕሮግራሙ የPosition መንገድን በራሱ ስለሚያጎብጠው ነው። እንዲህ ከገጠማችሁ ኪፍሬሞቹን መርጣችሁ በቀኝ ክሊክ Spatial Interpolation ውስጥ Linear አድርጉት።

የተሻለው መንገድ ነጥቡን መጀመሪያውኑ ዓይን ላይ መትከል ነው። Program Monitor ላይ Show Rulers አብሩና የዓይኑን ቦታ አንብቡ። እኔ ያገኘሁት 640 እና 360 ነው። Position ላይ እነዚህኑ ጻፉ። Anchor Point ግን የሚቆጥረው በክሊፑ ፒክስል ነው። ክሊፑ በ50 በመቶ ስለተቀመጠ ቁጥሩን እጥፍ አድርጉት፤ 1280 እና 720 ይሆናል። ሁለቱም ሲገቡ ምስሉ ከነበረበት ንቅንቅ ማለት የለበትም። ከተነቃነቀ አንዱ ቁጥር ተሳስቷል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ኪፍሬም የሚያስፈልገው Scale ብቻ ነው። ዓይናቸው 640 እና 360 ላይ እንደተቸነከረ ይቆያል፣ ሌላው ሁሉ በዙሪያው ያድጋል። የመጨረሻው ኪፍሬም ላይ ጣታችሁን ስክሪኑ ላይ ዓይኑ ጋ አድርጉና ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ዓይኑ ከጣታችሁ ሥር ካልወጣ ተክላችሁታል።

ምስሉ ይደበዝዛል

ከመደናገጥ በፊት Playback Resolution አንዴ Full ላይ አድርጉና እዩ። 1/4 ላይ ከሆነ ያልደበዘዘም ይደበዝዛል። ፕሮክሲ በርቶም ሊሆን ይችላል።

እሱ ካልሆነ ክሊፑን በቀኝ ክሊክ ክፈቱና Scale to Frame Size ተመርጦ እንደሆነ ተመልከቱ። ይሄ ፎር ኬውን መጀመሪያ ወደ ሲኩዌንሱ መጠን ያወርደዋል። ከዚያ በኋላ ዙም ስታደርጉ የምታሳድጉት ያነሰውን ምስል ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ክሊፑ ፍሬሙን ሞልቶ እያለ Scale 100 ይላል። ምርጫውን አጥፉና Scale ላይ ራሳችሁ 50 ጻፉ። Adjustment Layer ላይ ዙም ማድረግም እዚያው ችግር ውስጥ ይከታል። ከሥሩ ያለው ሁሉ በ1080 ተሠርቶ ካበቃ በኋላ ነው የሚያሳድገው። ከሥሩ የሰውየው ስም የተጻፈበት ጽሑፍ ካለም አብሮ ያድጋል።

ቀረጻው ራሱ 1080 ከሆነ ግን መድኃኒት የለውም። እኔ በዚያ ጊዜ ከ115 በላይ አልሄድም።

ዙሙ ከቃሉ ኋላ ይቀራል

ይሄኛውን ለማየት ጊዜ ፈጅቶብኛል። ሁሉም ነገር ንጹሕ ነው፣ ግን ልብ አይነካም። መንስኤው የመጀመሪያውን ኪፍሬም ቃሉ ላይ ማስቀመጤ ነበር። ቃሉ ሲነገር ምስሉ ገና መንገድ ላይ ነው፣ ሲደርስ ንግግሩ አልቋል።

በአማርኛ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ግሱ መጨረሻ ላይ ነውና። «ያን ወረቀት እኔ» እስኪባል ድረስ ፈረሙ አልፈረሙ አይታወቅም። ሁሉን የምትወስነው «አል» የምትለዋ ናት። ከእሷ በኋላ የቀረው የዓረፍተ ነገሩ ጭራ ብቻ ስለሆነ የዘገየ ዙም ዝምታ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚሠራው። ታይምላይኑ ላይ የድምፁን ሞገድ ዘርጉና «አል» የሚጀምርበትን ፍሬም ፈልጉ። እዚያ ላይ Scale 60 የሚለውን የመጨረሻ ኪፍሬም አስቀምጡ። ከዚያ 10 ፍሬም ወደ ኋላ ተመለሱና 50 የሚለውን አስቀምጡ። 10 ፍሬም 0.4 ሰከንድ ነው። በእኔ ክሊፕ ላይ ጅማሬው «እኔ» የሚለው ላይ ወደቀ፣ ቀስ ብሎ ተነስቶ «አል» ላይ ደረሰ። ለማረጋገጥ «አ» የሚሰማበት ፍሬም ላይ ቁሙ። Scale 60 ካላለ ዘግይቷል።

ርዝመቱን ከ8 እስከ 12 ፍሬም ባለው ውስጥ ብትይዙት ጥሩ ነው። ቀስ ያለ ዙም ከፈለጋችሁ ደግሞ 5 ሰከንድና ከዚያ በላይ ስጡት። በሁለቱ መሃል ያለው፣ አንድ ሁለት ሰከንድ የሚፈጀው፣ ካሜራማኑ ሳያስበው ሌንሱን የነካ ያስመስለዋል።

ዙሙ ግድግዳ የመታ ይመስላል

ኪፍሬሞቹ ሲፈጠሩ Linear ናቸው። ፍጥነቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ይመጣና ድንገት ቀጥ ይላል። የመጀመሪያውን ኪፍሬም በቀኝ ክሊክ Ease Out፣ የመጨረሻውን Ease In አድርጉት። አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የመጨረሻውን እመርጣለሁ፤ ዓይን የሚያየው ማረፊያውን ነው።

ከዙሙ በኋላ ያለው ቆረጣ ይዘላል

ክሊፑን ከዙሙ በኋላ ስትቆርጡት ቀጣዩ ቁራጭም 60 ላይ እንዳለ ይቀጥላል። እዚያ ቁራጭ ላይ የScaleን የሰዓት ምልክት ተጭናችሁ ኪፍሬሞቹን አጥፉና 50 ጻፉ። Anchor Point እና Positionን አትንኩ። ነገር ግን ከ60 ወደ 50 በቀጥታ መቁረጥ ስህተት ይመስላል፤ የመጠን ልዩነቱ ትንሽ ነው። እኔ በመሃል የእጃቸውን ምስል ለ3 ሰከንድ አስገባሁበት። ከእጃቸው ስንመለስ ሰፊው ምስል ላይ ነን፣ እሳቸውም ቀጣዩን እያወሩ ነው።