የሁለት ልጆችን አንድ ክፍል ስናስቀባ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። የልጆቹ ክፍል 3 በ3.20 ሜትር ናት፤ አንድ መስኮት፣ ሁለት አልጋ። ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሐምራዊ ካልሆነ ብላ ድርቅ አለች። ትንሹ ስድስት ነው፣ እሱ ደግሞ የሣር አረንጓዴ። ክፍሏን ሁለት ጊዜ አስቀባናት። የመጀመሪያውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ቀቢው የታዘዘውን ነው የሠራው።

ክፍሉን መሀል ለመሀል መክፈል

ግማሹን ለሷ፣ ግማሹን ለሱ። ፍትሕ ይመስላል። ሲደርቅ ግን የሷ ወገን ጨለመ፤ መስኮቱ ያለው በሱ በኩል ነዋ! ሐምራዊው በሩ አጠገብ ጥግ ይዞ፣ ማታ መብራት በርቶ እንኳ ጥቁር ይመስላል። አረንጓዴው በተራው የመስኮቱን ብርሃን እየተቀበለ በየቦታው ይመልሰዋል። ኮርኒሱ፣ ነጩ አንሶላ፣ የልጅቷ ፊት ሳይቀር አረንጓዴ አረንጓዴ አለ። ጠባብ ክፍል ውስጥ ግድግዳዎቹ ስለሚተያዩ ደማቅ ቀለም በወሰኑ አይቆምም። መስመሩም ድንበር ሆኖ አረፈው። «ወደኔ ገባህ!» «እግርሽን አንሺ!» በየማታው የድንበር ክርክር።

በሁለተኛው ዙር ክፍሉን በሙሉ ክሬም አደረግነው። ሐምራዊው በቀላሉ አልሸፈን ስላለ መጀመሪያ ነጭ አንድ እጅ፣ ከዚያ ክሬም ሁለት እጅ ፈጀ። ከዚያ ለያንዳንዳቸው ከአልጋቸው ጎን ባለው ግድግዳ ላይ አንድ ሰሌዳ የሚያህል ቦታ ሰጠናቸው፤ ርዝመቱ የአልጋው ያህል 1.90 ሜትር፣ ከፍታው ከወለል 1.20። የሁለቱም ልኩ እኩል ነው። ትንሹ በሜትር እየለካ አረጋግጧል።

ይህ ሰሌዳ 2.3 ካሬ ሜትር አይሞላም። አንድ ሊትር ቀለም አንድ እጅ ሲቀባ ወደ 10 ካሬ ስለሚሸፍን፣ ለሁለት እጅ ግማሽ ሊትር ገደማ ይበቃል። አንዱ ከርሞ ቀለሙን ቢጠላው የሚቀባው ያችን ብቻ ነው።

ቀለሙን ከሱቅ ካርድ ላይ መምረጥ

መርካቶ ሱቅ ውስጥ በቱቦ መብራት ስር ያየነው ሐምራዊ ቤት ሲገባ ሌላ ሆነ። ካርድ ላይ የጣት ያህል የምታምር ቀለም ግድግዳ ስትሞላ ትበረታለች። አሁን ትንሽ ቆርቆሮ ቀለም ገዝቼ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ካርቶን ሁለት እጅ እቀባና ልጁ በሚተኛበት ጎን አቆመዋለሁ። ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ መብራት ሲበራ ይታያል።

ለሁለት ልጆች የሚሆን አንድ ብልሃት ደግሞ አለ። ሁለቱን ካርቶኖች ጎን ለጎን አድርገው በስልክ ፎቶ ያንሱና ፎቶውን ጥቁርና ነጭ ያድርጉት። አንዱ ከሌላው በጣም ከጠቆረ፣ የዚያ ልጅ ጎን ሁልጊዜ የከበደ ይመስላል። የኛ ሐምራዊ ከሰል ሆኖ ታየ፤ አረንጓዴው ቀላል ግራጫ። ሁለቱ ግራጫዎች እስኪቀራረቡ ድረስ ሐምራዊው ላይ ነጭ አስጨመርን። ልጅቷ «አሁንም ሐምራዊ ነው አይደል?» አለች። ነው፣ ቀለል ያለ።

በእጅ የተቀየጠ ቀለም ዳግመኛ ቁርጥ አንድ አይሆንም። የሚያስፈልገውን በአንዴ ያስቀይጡ፣ የተረፈውንም በደንብ ከድነው ያስቀምጡ።

አሮጌውን ቀለም ሳይፈትሹ መቀባት

ጥጥ አልኮል ነክረው ግድግዳውን ይሹት። ቀለሙ ጥጡ ላይ ከወጣ የውሃ ቀለም ነው። ካልወጣና ግድግዳው የሚያብለጨልጭ ከሆነ የዘይት ቀለም ሳይሆን አይቀርም፤ አብለጭላጭነቱ እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ አለበት። አለዚያ የልጅ ጥፍር በሁለት ወር ይልጠዋል።

ፕላስተር ለጥፎ ወዲያው ደማቁን መቀባት

የሰሌዳው ጠርዝ ካልጠራ ሥራው ሁሉ የተዝረከረከ ይመስላል። የወረቀት ፕላስተር ምንም ያህል ቢጫኑት ቀለም በስሩ ይሾልካል። ቀቢያችን ያሳየኝ ዘዴ ይህ ነው። ፕላስተሩን ከለጠፈ በኋላ ጠርዙ ላይ መጀመሪያ ያንኑ ክሬም በስሱ ቀባ። «የሚሾልከው ይሹለክ እህቴ፣ ክሬም በክሬም ላይ አይታይም» አለኝ። ክፍተቱ በዚያ ተደፈነ። ክሬሙ ሲደርቅ ሐምራዊውን ቀባ፤ የመጨረሻው እጅ ገና እርጥብ እያለ ፕላስተሩን አግድም እየሳበ ቀስ ብሎ ላጠው። ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ መሰለ።

የአረንጓዴውን ጠርዝ ግን እኔ አበላሸሁት። ትምህርት የሚዘጋው ክረምት ላይ ስለሆነ የቀባነው ሐምሌ ውስጥ ነው፣ ዝናቡም አላባራ ብሏል። ክሬሙ በእጅ ሲነካ ደርቋል ብዬ በዚያው ቀን ፕላስተር ለጠፍኩ፤ ሲነሳ ክሬሙን ይዞት መጣ። በክረምት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ መስኮት ተከፍቶ መጠበቅ ነበረብኝ። የተላጠችውን ቦታ ትንሹ ዳይኖሰር ትመስላለች ብሎ እንዳትነካ ከልክሏል።