ፖስት ፒል ከወሰድሽ በኋላ የወር አበባሽ ቀኑን ቢያዛባ

ከፒያሳም ሆነ ከአራት ኪሎ ፋርማሲ ፖስት ፒል ገዝተሽ ከወሰድሽ፣ የሚቀጥለው የወር አበባሽ በቀኑ ላይመጣ ይችላል። ኪኒኑ የሚሠራው በዋናነት እንቁላል የምትወጣበትን ጊዜ በማዘግየት ስለሆነ የዑደቱ ቀን አብሮ ይንሸራተታል። በዑደቱ መጀመሪያ አካባቢ ከተወሰደ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይመጣል፤ እንቁላል መውጫው ሲቃረብ ወይም ካለፈ በኋላ ከተወሰደ ደግሞ ሊዘገይ ይችላል።

ለምሳሌ ዑደትሽ 28 ቀን ነው እንበል። የወር አበባሽ ጥቅምት 1 ጀመረ፣ ቀጣዩን የምትጠብቂው ጥቅምት 29 ነው። ጥቅምት 13 ያለ መከላከያ ግንኙነት አድርገሽ ኪኒኑን በዚያው ቀን ወሰድሽ። እስከ ኅዳር 6 ድረስ ቢዘገይ ብዙም አያስደነግጥም። ከዚያ ካለፈ ግን የሽንት የእርግዝና ምርመራ አድርጊ። ከግንኙነቱ 21 ቀን ሳይሞላ የተደረገ ምርመራ እርግዝና እያለ «የለም» ሊል ይችላል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ኪኒኑ ከተወሰደ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠብ ጠብ የሚል ደም ነው። እሱን የወር አበባ ብለሽ አትቁጠሪው። እንቁላሏ ደግሞ የዘገየች እንጂ የቀረች አይደለችምና፣ በዚያው ወር ከኪኒኑ በኋላ ለሚደረግ ግንኙነት ኮንዶም ያስፈልጋል።