የላሟ የሞት ካሳ ጥያቄ ለምን ተመለሰ? ችግርና መፍትሄ

የመድን ዋስትና ያላት ላም ስትሞት ሦስት ወረቀት አብሮ ይሄዳል፤ የእርባታው ደብዳቤ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ማረጋገጫና የጆሮ ቁጥር መዝገብ። እኔ በአንድ የወተት ላም እርባታ መዝገብ እይዛለሁ። ካሳ ጠይቀን ሲመለስብን ሦስቱም ወረቀቶች ተሟልተው ነበር። ችግሩ ስለ አንዲት ላም የሚያወሩ አለመምሰላቸው ነው።

«የሞተችው ላም በውሉ ዝርዝር ውስጥ የለችም»

ውሉን ታኅሣሥ 2016 ስንፈርም የላሟ የጆሮ ቁጥር 0412 ነበር። የካቲት ላይ ቁጥሩ የተጻፈበት የጆሮ ታግ አጥር ላይ ተይዞ ጆሮዋን ቀደደና ወደቀ። ሠራተኛው ሳጥን ውስጥ ያገኘውን 0587 በሌላኛው ጆሮዋ ሰካላት። ለማንም አልተናገረም፣ የትም አልተጻፈም። ኅዳር 2017 ስትሞት ሐኪሙ ያየውን 0587 ጻፈ። እኔ ደግሞ ከውሉ ገልብጬ 0412 አልኩ። ማናችንም አልዋሸንም፤ ወረቀቱን ለሚያነበው ሰው ግን ላሞቹ ሁለት ሆኑ።

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ «ሐኪሙ ቁጥሩን ያስተካክልልን» የሚል ነው። ተዉት። ሐኪሙ የሚፈርመው በዓይኑ ባየው ላይ ነው። ያላየውን ቁጥር ካስጻፋችሁት ጥያቄው ማጭበርበር ይመስላል። የሚያስፈልገው ሁለቱን ቁጥሮች የሚያገናኝ ማስረጃ ነው።

እኛን ያወጣን የማዳቀያ ካርዷ ነው። ጥር ላይ ስትዳቀል በ0412 ተመዝግባለች። ሚያዝያ ላይ እርግዝናዋ ሲመረመር ያው ካርድ ላይ 0587 ተብሏል። የላሟ ስም፣ የኮርማው ቁጥርና የተዳቀለችበት ቀን አንድ ነው። ሐኪሙም በድኗን ሲመረምር ያየውን አንድ መስመር ማረጋገጫው ላይ ጨመረ፦ «በግራ ጆሮዋ የዳነ የቆየ ቅዳጅ አለ።» ውሉ ሲፈረም የተነሳችው ፎቶ ላይ ግንባሯ ላይ ያለው ነጭ ምልክት ይታያል፤ ስትሞት በተነሳው ፎቶም ያው ምልክት አለ። ደብዳቤውን እንደገና ስጽፍ ነገሩን አልሸሸግኩም፦

«በውሉ ላይ በጆሮ ቁጥር 0412 የተመዘገበችው ላም ታጓ በየካቲት 2016 ዓ.ም. በመውደቁ 0587 ተተክቶላታል። ለውጡን በወቅቱ አላሳወቅንም። የአንድ ላም መሆናቸውን የሚያሳዩ የማዳቀያ ካርድና ፎቶዎች አያይዘናል።»

አሁን ታግ በተቀየረ ቁጥር ቀኑን፣ አሮጌውንና አዲሱን ቁጥር፣ የቀየረውንም ሰው ስም መዝገቡ ላይ እናሰፍራለን። ለመድን ድርጅቱም በዚያው ቀን በደብዳቤ እናሳውቃለን።

«የሞተችበት ቀንና ሰዓት አይጣጣምም»

ይህ የእኛ አገር ጣጣ ነው። ደብዳቤው 14/03/2017 ይላል፣ የሐኪሙ ወረቀት 23/11/2024። ሁለቱም ኅዳር 14 ናቸው። ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። ሐኪሙ 9:00 ብሎ የጻፈው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ሌላው ከቀኑ 9 ሰዓት ብሎ ያነበዋል። እናም ወሩን በፊደል ጻፉ፣ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ጨምሩ፣ «ከጠዋቱ» ወይም «ከሌሊቱ» የምትለዋን አትርሱ።

«የሞቷ ምክንያት አልተገለጸም»

ማረጋገጫው «በድንገት ሞታለች» ብቻ ካለ መመለሱ አይቀርም። ያ ምክንያት አይደለም። የእኛዋ ላም ከወለደች አራት ሳምንት ገደማ ሆኗት ነበር። ስትከፈት ከመኖ ጋር የዋጠችው የሽቦ ቁራጭ የሆዷን ግድግዳ አልፎ የልቧን ሽፋን ወግቶ ተገኘ። በእርግዝና መጨረሻና በምጥ ጊዜ ያለው ግፊት እንዲህ ያለውን ሽቦ ወደፊት ይገፋዋል። ሐኪሙ የት እንዳገኘው፣ በልብ ሽፋኑ ውስጥ መግል እንደነበር ጻፈ። ሽቦውንም ከታጉ ጎን አስቀምጠን ፎቶ አነሳን።

በድኗን ከፍቶ ማየት ሁሌም አይረዳም። በወተት ትኩሳት የሞተች ላም ስትከፈት ለበሽታው የተለየ ምልክት አታሳይም። እዚያ ላይ ማስረጃው በሕይወት እያለች የተጻፈው የሕክምና ካርድ ነው፤ መቼ እንደወደቀች፣ ካልሲየም መቼና ምን ያህል እንደተሰጣት።

አንዳንዷን ደግሞ ጭራሽ መንካት የለም። ከአፍንጫዋ ወይም ከፊንጢጣዋ የማይረጋ ጥቁር ደም ከወጣ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ታጉን ለማውጣት ብላችሁ ጆሮዋን እንዳትቆርጡ። ቁጥሩን ከርቀት ፎቶ አንሱና ለሐኪም ደውሉ። እሱ ናሙና ወስዶ፣ ያልተከፈተችበትን ምክንያትና ቀብሩ እንዴት እንደተፈጸመ ማረጋገጫው ላይ ይጽፋል። ለመድን ድርጅቱም ከቀብሩ በፊት ደውሉ። የደወላችሁበትን ሰዓትና ያነሳውን ሰው ስም ደብዳቤው ላይ አስገቡ።